የሚጥል በሽታ፦ በአምስት ደቂቃ የሚደረገውና በየምሽቱ የሚዋጠው

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ ወይም በጌዶ ገበያ መካከል አንድ ሰው በድንገት ጮኾ ሲወድቅና ሰውነቱ ሲንፈራገጥ፣ በዙሪያው ያለው ሕዝብ የሚያደርገው ነገር ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ጥቂቶች ክብሪት ይጭሩና ጢሱን ወደ አፍንጫው ያስጠጋሉ። ሌሎች የተገጠመ ጥርሱን በማንኪያ ለማላቀቅ ይታገላሉ። የቀሩት ደግሞ "ይተላለፍብናል" በሚል ስጋት ራቅ ብለው ይመለከታሉ። ከሦስቱ አንዱም የወደቀውን ሰው አይረዳውም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሊጎዱት ይችላሉ፤ ሦስተኛው ግን፣ ሰውየው የወደቀው እሳት ወይም ውኃ ውስጥ ከሆነ፣ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል።

በአማርኛ የሚጥል በሽታ፣ በኦሮምኛ ደግሞ "ገገብዶ" እየተባለ የሚጠራው ይህ ሕመም የአንጎል ሕመም ነው። የአንጎል ሕዋሳት እርስ በርስ የሚግባቡት እጅግ ደካማ በሆነ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። በሕመሙ ጊዜ በርካታ ሕዋሳት በአንድነትና ያለ ልክ ይቀሰቀሳሉ፤ ሰውየውም ራሱን ስቶ ይወድቃል፣ ይገተራል፣ ይንፈራገጣል። መነሻው በወሊድ ጊዜ በሕፃኑ ጭንቅላት ላይ የደረሰ ጉዳት ወይም የአየር እጥረት፣ ከፈረስ፣ ከዛፍ ወይም ከመኪና አደጋ የተገኘ የጭንቅላት ጉዳት፣ ማጅራት ገትር፣ እንዲሁም እንደ ባኮ ባሉ ዝቅተኛ አካባቢዎች የሚያጋጥመው ወደ አንጎል የወጣ ወባ ሊሆን ይችላል። በዘር የሚወረስበትም ጊዜ አለ። በብዙ ሕሙማን ላይ ግን መነሻው በምርመራ አይገኝም።

ሕመሙ በገጠሪቱ ኢትዮጵያ ምን ያህል እንደተሠራጨ በሰፊው ካሳዩት ጥናቶች ቀዳሚው በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ነው። ባለሙያዎቹ ከ60 ሺህ በላይ የሚሆን ሕዝብ ቤት ለቤት አዳርሰው ከአንድ ሺህ ሰዎች መካከል አምስት ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው አረጋግጠዋል። ጥናቱ ያሳየው ሌላው ነገር ከዚህ ይበልጥ ያሳስባል። ከሕሙማኑ መካከል ለሕመሙ የሚመከረውን መድኃኒት ወስደው የሚያውቁት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። አብዛኞቹ ወደ ጠበል፣ ወደ ባህል መድኃኒትና ወደ ክታብ የሄዱ ነበሩ። የቡታጅራ ገበሬ ቤትና የምዕራብ ሸዋ ገበሬ ቤት፣ መካከሉ ላይ እሳት የሚነድበት መሆኑም ሆነ ስለ ሕመሙ ያለው እምነት ብዙ የሚለያዩ አይደሉም።

ክብሪቱ ለምን "የሠራ" ይመስላል?

የክብሪት ጢስ ሕመምተኛውን ያነቃል የሚለው እምነት በከተማም በገጠርም ሥር የሰደደ ነው። እምነቱ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ሕመሙ ሲነሣ በየደቂቃው ምን እንደሚሆን መከታተል ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ሕመምተኛው ሳያስበው ይጮኻል። ጩኸቱ የሕመም ስሜት ሳይሆን የደረቱ ጡንቻ በድንገት ተኮማትሮ አየሩን በጉሮሮው በኩል ሲገፋው የሚሰማ ድምፅ ነው። ከዚያ መላ ሰውነቱ እንደ እንጨት ይደርቃል፤ ትንፋሹ ለጥቂት ጊዜ ስለሚቆም ከንፈሩ ሊጠቁር ይችላል። ይህ በአብዛኛው ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። ቀጥሎ እጅና እግሩ በፍጥነት መንፈራገጥ ይጀምራሉ፤ ምራቁ አረፋ ይሠራል፤ ምላሱን ነክሶ ከሆነ አረፋው ደም ይቀላቅላል፤ ሽንቱም ሊያመልጠው ይችላል። መንፈራገጡ ቀስ በቀስ እየተራራቀ ሄዶ ይቆማል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚፈጀው ጊዜ በብዙዎች ዘንድ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ነው።

እንግዲህ ክብሪቱ የሚመጣው መቼ ነው? ሰዎች እስኪደነግጡ፣ እስኪሰበሰቡ፣ ክብሪት ያለው ሰው እስኪገኝ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ያልፋል። በዚያን ጊዜ ሕመሙ በራሱ ጊዜ ሊያበቃ ጥቂት ቀርቶታል። ክብሪቱ ተጭሮ ሕመምተኛው ሲረጋጋ ምስጋናው ለክብሪቱ ይሆናል። ክብሪት ያልተጫረለት ሰውም በዚያው ሰዓት ይረጋጋ እንደነበር ግን ማንም አይመረምርም። በእጅ ቁልፍ ወይም ብረት ማስያዝም፣ ሽንኩርት ማሽተትም፣ ውኃ መርጨትም ውጤት ያላቸው የሚመስሉት በዚሁ ምክንያት ነው። የክብሪት ጢስ በተጨማሪ ጉዳት አለው። አየር ያጠረውን ሰው የመተንፈሻ አካል ይቆጠቁጣል፤ የሚንፈራገጥን ሰው ፊትም ሊያቃጥል ይችላል።

ማንኪያ ወይም እንጨት በጥርስ መካከል ማስገባትም እንዲሁ "ምላሱን እንዳይውጥ" በሚል የሚደረግ ነው። ምላስ ከአፍ ወለል ጋር የተያያዘ አካል በመሆኑ ሊዋጥ አይችልም። ምላሱን የሚነክስ ሰው በአብዛኛው የሚነክሰው በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ስለሆነ ማንኪያው ሲደርስ የሆነው ሆኗል፤ የተነከሰ ምላስ ደግሞ በቀናት ውስጥ ይድናል። በግድ የገባ ማንኪያ ግን ጥርስ ይሰብራል፤ የተሰበረው ጥርስም ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ጣቱን ያስገባ ረዳትም ጣቱን ክፉኛ ይነከሳል።

እሳትና ስጋት

ከእነዚህ ሁሉ የከፋው ሕመሙ በአረፋው፣ በትንፋሹ ወይም ሕመምተኛውን በመንካት ይተላለፋል የሚለው እምነት ነው። አረፋው ሰው ሁሉ የሚውጠው ተራ ምራቅ ነው። ሕመምተኛው በዚያች ደቂቃ መዋጥ ስለማይችል ምራቁ በትንፋሽ ይመታና አረፋ ይሆናል። በአንጎል ውስጥ የተፈጠረ የኤሌክትሪክ መዛባት በምራቅም ሆነ በመነካካት ወደ ሌላ ሰው አይሄድም። በአንድ ማዕድ መብላት፣ በአንድ አልጋ መተኛት፣ በአንድ ክፍል መማር ምንም አያስከትልም።

ይህ እምነት ነፍስ የሚያጠፋው በቤት ውስጥ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ ወጥ የምትሠራ ወይም እንጀራ የምትጋግር ሴት ሕመሙ ቢነሣባት የምትወድቀው ወደ እሳቱ ነው። ራሷን ስለማታውቅ እጇን ከፍሙ አታነሣም። ያየ ሰው ወዲያው ጎትቶ ካወጣት ቃጠሎው ከላይ ከላይ ሊቀር ይችላል። ሰዎች "ከነካናት ይጋባብናል" ብለው ሕመሙ እስኪለቃት ከጠበቁ ግን በእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች እሳቱ እስከ አጥንት ይደርሳል። በኢትዮጵያ ገጠር ከዚህ ሕመም ጋር አብረው ከሚታዩት ከባድ ጉዳቶች አንዱ ቃጠሎ የሆነውም ለዚህ ነው። በሁሉቃ ወይም በጉደር ወንዝ ዳር ልብስ የምታጥብ፣ ወይም በአምቦ ፍልውኃ መዋኛ ውስጥ ያለ ሰው ሲወድቅም ነገሩ አንድ ነው፤ ለመስጠም ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው የእርዳታ ተግባር፣ ያለ አንዳች ፍርሃት፣ ሰውየውን ከእሳቱ ወይም ከውኃው ማውጣት ነው።

ምን ይደረግ?

ሕመምተኛው ከአደጋው ስፍራ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ሥራ ቀላል ነው። በቅድሚያ ሰዓት መመልከት ያስፈልጋል። በፍርሃት መካከል አንዲት ደቂቃ እንደ አሥር ስለምትረዝም ሰዓት ያላየ ሰው ትክክለኛውን ቆይታ ሊናገር አይችልም። ቀጥሎ ድንጋይ፣ ስለታም ዕቃና የፈላ ነገር ከአካባቢው ይነሣል፤ የታጠፈ ጋቢ ወይም ነጠላ ከጭንቅላቱ ሥር ይደረጋል፤ አንገቱ ላይ የጠበቀ ልብስ ይላላል። እጅና እግሩን ጨምድዶ መያዝ መንፈራገጡን አያቆመውም፤ ትከሻን ሊያወልቅ ወይም አጥንት ሊሰብር ግን ይችላል።

መንፈራገጡ እንደቆመ፣ ከተቻለም ከዚያ በፊት፣ ሕመምተኛው በጎኑ ይዞራል። አፉ ወደ መሬት ዘንበል ሲል ምራቁና ትውከቱ ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ በጀርባው ከተኛ ግን ወደ ሳንባው ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የድካምና የመደናገር ጊዜ ነው። ከሩብ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ስሙንና ያለበትን ቦታ በትክክል እስኪናገር ድረስ ውኃም፣ ወተትም፣ ክኒንም በአፉ አይሰጠው፤ ብቻውንም አይተው። የከበበው ሕዝብ ዘወር እንዲል ማድረግም እርዳታ ነው። ሽንት ያመለጠው ሰው ሲነቃ መጀመሪያ የሚያየው የሚመለከተውን ሕዝብ ነውና በነጠላ መሸፈን ተገቢ ነው።

ሰዓት መመልከት የሚያስፈልገው በአምስት ደቂቃ ምክንያት ነው። መንፈራገጡ አምስት ደቂቃ ካለፈው በራሱ የመቆም ዕድሉ እየቀነሰ ስለሚሄድ አንጎል ሊጎዳ፣ ሕይወትም ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሳይዘገዩ አቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ማድረስ ግዴታ ነው። በዚያ በደም ሥር ወይም በፊንጢጣ በሚሰጥ ዲያዜፓም ሕመሙን ማስቆም ይቻላል። የመጀመሪያው ሕመም ሳይለቅ፣ ወይም ሕመምተኛው ሳይነቃ ሁለተኛው ከተነሣም እንዲሁ ነው። ከዚህ ቀደም ወድቆ የማያውቅ ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ ትኩሳት ያለው ሰው፣ ውኃ ውስጥ የወደቀ ወይም ጭንቅላቱ የተጎዳ ሰው አምስት ደቂቃ ሳይጠበቅ ይወሰድ። በመንገድ ላይ በባጃጅም ሆነ በቃሬዛ በጎኑ እንደተኛ መሄድ አለበት።

በየምሽቱ የሚዋጠው ክኒን

እስካሁን የተባለው ሁሉ ሕመሙ ከተነሣ በኋላ የሚደረግ ነው። እንዳይነሣ የሚያደርገው ግን በየዕለቱ የሚወሰደው መድኃኒት ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በአግባቡ መድኃኒታቸውን ከሚወስዱ ሕሙማን መካከል ከመቶ እስከ ሰባ የሚደርሱት ከመውደቅ ነፃ ሆነው ሊኖሩ ይችላሉ።

በአገራችን ጤና ጣቢያዎች ለረጅም ዘመን ሲሰጥ የኖረውና ዋጋው ዝቅተኛ የሆነው መድኃኒት ፌኖባርቢታል ነው። በአብዛኛው በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ ከመኝታ በፊት ይዋጣል። እንደ ሕመሙ ዓይነትና እንደ ሰውየው ሁኔታ ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒን ወይም ሶዲየም ቫልፕሮኤት የሚታዘዝለትም አለ። ሶዲየም ቫልፕሮኤት ፅንስን ክፉኛ ሊጎዳ ስለሚችል ለመውለድ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶች የሚመከር አይደለም።

ስለ ፌኖባርቢታል ሊታወቅ የሚገባው ትልቁ ነገር አዝጋሚነቱ ነው። በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ የገባው መጠን ወደ ግማሽ ለመውረድ አራት ቀን ያህል ይወስድበታል። በየምሽቱ የሚዋጠው ክኒን ከትናንቱ ትርፍ ላይ እየተደመረ፣ አንጎልን የሚጠብቀው መጠን በደም ውስጥ ሞልቶ የሚረጋው ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ከዚህ ጠባይ ሁለት ስሕተቶች ይወለዳሉ፤ አንዱ በመጀመሪያ ላይ፣ አንዱ በኋላ።

ይህን በምሳሌ እንመልከት። የ17 ዓመት ልጅ በወር ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ትወድቃለች እንበል። ጤና ጣቢያው ፌኖባርቢታል በአነስተኛ መጠን ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እያሳደገ በየምሽቱ እንድትወስድ ያዝላታል። በአምስተኛው ቀን ትወድቃለች። ቤተሰቧ "መድኃኒቱ አልሠራላትም" ብሎ ሊያስቆማት ይነሣል። ይህ የመጀመሪያው ስሕተት ነው፤ በአምስተኛው ቀን መድኃኒቱ ገና መሙላት ላይ ነውና። በነዚህ ሳምንታት የሚሰማት እንቅልፍ እንቅልፍ ማለትም ሰውነቷ ሲለማመድ በአብዛኛው የሚቀንስ ነው።

ልጅቱ ቀጥላ ወሰደች፤ ስምንት ወርም ሳትወድቅ ቆየች እንበል። አሁን ሁለተኛው ስሕተት ይመጣል። "ድናለች፤ ክኒን ምን ያደርግላታል?" ይባላል፤ ወይም ለሁለት ሳምንት ወደ ጠበል ስትሄድ መድኃኒቱን እቤት ትተዋለች። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ምንም አይሆንም፤ በደሟ ያለው ትርፍ ይጠብቃታልና። ይህም መድኃኒቱ አላስፈላጊ እንደነበር ያስመስላል። በአራተኛው ቀን መጠኑ ግማሽ፣ በስምንተኛው ቀን ሩብ ይሆናል። መድኃኒቱን የለመደው አንጎል በድንገት ሲነፈገው ከቀድሞው ይበልጥ ይቆጣል፤ ልጅቱም አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግማ፣ በመካከል ሳትነቃ ልትወድቅ ትችላለች። ይህ ሁኔታ ከላይ የተጠቀሰው፣ አምስት ደቂቃ የሚያልፈውና ለሕይወት የሚያሰጋው ነው። ፌኖባርቢታልን በድንገት ማቋረጥ ጨርሶ ካለመጀመር የከፋ አደጋ ሊያመጣ የሚችለውም ለዚህ ነው።

ጠበል የሚጠመቅ ወይም በጸሎት ቤት የሚጸለይለት ሰው እምነቱንና ክኒኑን እንዲያማርጥ የሚያስገድደው የሕክምና ምክንያት የለም። የማታ ክኒን የቀን ጾምን አይነካም። በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበል ጋር አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር። ለሚጥል በሽታ መድኃኒትም ይኸው ሊሠራ ይችላል። ወደ ጠበል የሚሄድ ሰው ከሚቆይበት ቀን በላይ የሚበቃ ክኒን ይዞ ይሂድ። እንቅልፍ ማጣትና ረጅም ረኃብ ሕመሙን ስለሚቀሰቅሱት ሌሊቱን በሙሉ ሳይተኛ እንዳያድርም መጠንቀቅ ይገባዋል። አረቄም እንዲሁ ሕመሙን ይቀሰቅሳል፤ የመድኃኒቱንም ማደንዘዝ ያበረታል።

አንድ ምሽት የረሳ ሰው በማግስቱ እንዳስታወሰ ይውሰድ፤ ለማካካስ ግን ሁለት እጥፍ አይዋጥ። ክኒኑ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይሻላል፤ የተቀጠረበት ቀን መድኃኒቱ ባይኖር ሌላ ቦታ ለመፈለግ ጊዜ ይኖረዋልና። በሰውነት ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ በተለይም ትኩሳትና የአፍ መቁሰል ካለው፣ በዚያው ቀን ባለሙያ ማየት አለበት። የወሊድ መቆጣጠሪያ የምትወስድ ሴትም ለባለሙያው መንገር ይገባታል፤ ፌኖባርቢታል የመቆጣጠሪያ ክኒኑን ኃይል ያዳክማል። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት መድኃኒቷን በራሷ ፈቃድ አታቁም፤ ወዲያው ትመካከር እንጂ። መድኃኒቱን ለማቆም የሚታሰበው ሕመምተኛው ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ሳይወድቅ ሲቆይ ነው። ያን ጊዜም በባለሙያ ክትትል፣ መጠኑ በወራት ውስጥ ጥቂት በጥቂት እየተቀነሰ ነው።

መድኃኒቱ እስኪሞላ፣ ወይም ሙሉ በሙሉ ላልሠራለት ሰው፣ ቤቱን ማስተካከል የግድ ነው። እሳቱን በሦስት ጉልቻ ከማንደድ ይልቅ ዙሪያው በተዘጋ ምርጥ ምድጃ መጠቀም፣ ድስት በሚጣድበት ሰዓት ሌላ ሰው አብሮ እንዲኖር ማድረግ፣ ብቻ ወንዝ አለመውረድ፣ ዛፍና ጣሪያ ላይ አለመውጣት፣ ከፍ ባለ መደብ ላይ አለመተኛት ዋነኞቹ ናቸው። ልጅን ከትምህርት ቤት ማስቀረት ግን ከእነዚህ ጥንቃቄዎች አንዱ አይደለም። መምህሩና ከጎኑ የሚቀመጠው ተማሪ በጎን ማዞርንና ሰዓት ማየትን ቢያውቁ ይበቃል።

በመጨረሻም፣ ሕመምተኛው ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ሲወድቅ ያየው ሰው አብሮት ቢሄድ ይመረጣል። ሕመምተኛው ራሱን ስቶ ስለነበር የሆነውን አያውቅም፤ ባለሙያውም በዓይኑ አላየም። ሕመሙ ምን ያህል ደቂቃ ቆየ? ከየትኛው እጅ ጀመረ? ምላሱ ተነከሰ ወይ? ከዚያ በኋላ ተደናገረ? ክኒኑን የዋጠው መቼ ነበር? የመድኃኒቱ ዓይነትና መጠን በአብዛኛው የሚወሰነው በእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው። መልሱን ሊሰጥ የሚችለው ደግሞ ክብሪት ፍለጋ የሮጠው ሳይሆን ከጎኑ ተንበርክኮ ሰዓቱን ሲመለከት የነበረው ሰው ነው።